ስለ ገበያ ሙግትና ስለ ጎረቤት ቁጣ

በገበያ መካከል ሲያልፍ ጩኸቱን ሰምቶ «ይህ ሕዝብ ስድብን ለምዷል» ብሎ የሚፈርድ ሰው ብዙ ነው። የገበያን ነገር ወደ ቴአትር የሚያወጡ አንዳንድ ደራስያንም ይህንኑ ፍርድ ተከትለው ሻጭንና ገዢን ዘር እያነሡ ያሰዳድቧቸዋል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ዳሩ ግን ገበያ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ሐሰት መሆኑን ወዲያው ያስተውላል። በገበያ ድምፁ የቁጣ ነው፤ ቃሉ ግን የቁጣ አይደለም። ይህንንም ለመለየት ቃሉ በማን ላይ እንደሚያርፍ መመልከት ያስፈልጋል።

በፋሲካ ዋዜማ አንዲት ወይዘሮ አውራ ዶሮ ሊገዙ መጡ እንበል። ሻጩ ወጣት ነው። ወይዘሮዋ ዶሮውን በእግሩ ያነሡታል፤ በእጃቸው ይመዝኑታል፤ የደረቱንም አጥንት ይዳስሳሉ፤ አጥንቱ እንደ ቢላዋ ከወጣ ሥጋ የለውምና። ዋጋውን ቢጠይቁ 1,500 ብር ይላቸዋል።

«ምን አልክ አንተ ልጅ? ይህ ዶሮ ነው ወይስ ድንቢጥ? ከእኛ ጋር ሁዳዴን ሲጾም ከርሟል እንዴ!»

«ጾሞስ ቢሆን አጥንቱ በመሰከረበት፣ እማማ! ድስቱ ካልጠበበዎት መልሰው ያምጡልኝ።»

«900።»

«በ900ማ ጩኸቱን ብቻ ይውሰዱ!»

ወይዘሮዋ ዶሮውን አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ ነገር ግን እርምጃቸውን ልብ ማለት ይገባል። በእውነት የተቆጣ ሰው ይፈጥናል፤ እርሳቸው ግን የጎረቤቱን ሻጭ ዶሮ እያዩ ቀስ ይላሉ። ሻጩም ሦስት አራት እርምጃ ካስኬዳቸው በኋላ «ይምጡ እስቲ፣ የመጀመሪያ ገበያዬን አያበላሹብኝ» ብሎ ይጠራቸዋል። 1,000፣ 1,300 ሲባባሉ ቆይተው በ1,200 ይስማማሉ። እርሱ የዶሮውን እግር እያሰረ «አከሰሩኝ» ይላል፤ እርሳቸውም «ዘረፍከኝ» ይላሉ። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው በዚህ ቃል አይደነግጥም፤ በእኛ ዘንድ ቅኔን በቃል ማፍለቅም ዘረፋ ይባላልና።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ቃል በሰው ላይ ያረፈ የትኛው ነው? ድንቢጥ የተባለው ዶሮው ነው፤ የተናቀው ዋጋው ነው። ስለ ወጣቱ እናትና አባት፣ ስለ አገሩና ስለ መልኩ አንድ ቃል አልወጣም። እርሱም በንግግሩ ሁሉ «እማማ» ማለትን አልተወም። የዚህ ንግግር ሰሙ የዶሮው ዋጋ ነው፤ ወርቁ ግን ደንበኝነት ነው። ወይዘሮዋ ያለ ክርክር 1,500 ቢከፍሉ ኖሮ ሻጩ ትርፍ ባገኘ ነበር፤ ነገር ግን ለመስከረም ወደ እርሱ የሚያመጣቸው ነገር ባልኖረ ነበር።

ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌው በ20ኛው ምዕራፍ ዕቃውን እያናናቀ ገዝቶ ከሄደ በኋላ ስለሚመካ ገዢ ይናገራል። ከዚህ ተነሥቶ ነገሩን ውሸት ነው የሚል ቢኖር፣ ሻጩም ገዢውም መናናቁን አስቀድመው ስለሚያውቁ ማንም አልተታለለም እላለሁ። ማታለል ያለው በሚዛኑና በመስፈሪያው ነው። ቡና ወይም ምስር የሚሸጠው ሰው እየተራገመ ሰፍሮ በመጨረሻ አንድ እፍኝ ይጨምራል፤ ጭማሪውም ምርቃት ይባላል። ከእርግማኑ በኋላ ምርቃት መምጣቱን ቋንቋችን ራሱ አስተውሎታል።

ጨዋታው ግን ወሰን አለው። ገዢው «በ900 ስጠኝ» ብሎ ሻጩ «ውሰድ» ካለው በኋላ ጥሎ መሄድ እውነተኛ ስድብ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነሣው ጠብ ሳቅ የለበትም። እንደዚሁም ልማዱን የማያውቅ እንግዳ በመጀመሪያው «ሂድ ወዲያ» አፍሮ ይሄዳል፤ ሻጩም ሊጠራው ቢፈልግ አይደርስበትም። ከእንግዳ ጋር በዚህ ቋንቋ መቀለድ አይገባም ባይ ነኝ።

በጎረቤት ዘንድ ደግሞ ነገሩ ከዋጋ ይለቃል። በአጥር ላይ «አንቺ! ሞተሽ መስሎኝ ለልቅሶ ነጠላዬን ላዘቀዝቅ ነበር! አቦሉ አለቀ፣ ቶናው ሊበርድ ነው፣ ምን ጎልቶሻል?» የምትል ሴት ቡና መጥራቷ ነው። «ጠፋህ» የሚለው ወቀሳም ናፍቆት ነው። ወዳጅ ወዳጁን «አንተ ሌባ» ይለዋል፤ አንዳንዴም ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ብሎ ያቆላምጣል። እውነተኛው ቁጣ ሲመጣ ግን ተውላጠ ስሙ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ድምፁም ዝቅ ይላል። ሃያ ዓመት «አንቺ» ስትባል የኖረች ጎረቤት አንድ ቀን በአጥሩ ላይ «እንደምን አደሩ፣ እርስዎ» ብትባል፣ የሚሰማው ሁሉ ሽማግሌ መላክ እንደሚያስፈልግ ያውቃል።

ስለዚህ ጠብን በመድረክ ላይ ማሳየት የሚሻ ደራሲ ጩኸቱን ለሰላማውያኑ ትቶ ለተጣሉት ይህንን «እርስዎ» ቢሰጣቸው፣ በአዳራሹ ውስጥ የሚስቅ ባልተገኘ ነበር።