625 ከምን ከምን ተደምሮ ነው?

ማዘዣ ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል፤ «የየት አገር ነው?» እና «ስንት ነው?»። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከእነሱ በፊት ግን መቅደም ያለባቸው ሌሎች ሁለት አሉ፤ ውስጡ ያለው ፈዋሽ ንጥረ ነገር ምንድን ነው? መጠኑስ ስንት ነው? እነዚህ ሳይመለሱ ዋጋ ያወዳደረ ሰው የተለያዩ ዕቃዎችን እያወዳደረ ሊሆን ይችላል። ይህንን ለማሳየት አብዛኛው ቤተሰብ በስሙ የሚያውቀውን አንድ መድኃኒት ልውሰድ፤ ኦግመንቲንን።

ኦግመንቲን የንግድ ስም ነው። ቢቻም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ያቀረበው ሲሆን፣ ዛሬ በጂኤስኬ እጅ ይገኛል። የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ቆይቷል፤ በዚህም ምክንያት ያንኑ መድኃኒት በራሳቸው ስም የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በየአገሩ ሞልተዋል። ሰው «የህንዱ»፣ «የዮርዳኖሱ»፣ «የአገር ውስጡ» እያለ የሚለያቸው እነዚህን ጄኔሪክ የሚባሉትን ነው። በካርቶኑ ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈው ስም ሁሉም ላይ ይለያያል። በጎኑ ወይም በጀርባው በትንሹ የተጻፈው ግን አንድ ነው፤ አሞክሲሲሊን እና ክላቩላኒክ አሲድ።

ሁለቱ አንድ ላይ የሆኑበት ምክንያት አለ። ባክቴሪያውን የሚገድለው አሞክሲሲሊን ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን አሞክሲሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ያመነጫሉ። ክላቩላኒክ አሲድ በራሱ ባክቴሪያ የመግደል አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ሥራው ያንን ኢንዛይም ይዞ ማስቀረትና ለአሞክሲሲሊን መንገድ መክፈት ነው። ስለዚህ «ኦግመንቲን ውድ ነው፣ ርካሹን አሞክሲሲሊን 500 ስጠኝ» የሚል ሰው ርካሹን ዓይነት አልጠየቀም፤ የጠየቀው ሌላ መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ጥምሩን ያዘዘው ኢንዛይም አመንጪ ባክቴሪያ ጠርጥሮ ከሆነ፣ ብቻውን የተወሰደው አሞክሲሲሊን ምንም ያህል ቢረክስ ላይሠራ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው መጠን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በካርቶኑ ላይ የሚነበበው 625 የሁለት ቁጥሮች ድምር ነው፤ 500 ሚሊግራም አሞክሲሲሊንና 125 ሚሊግራም ክላቩላኒክ አሲድ። 375 የሚባለው 250 እና 125 ነው። «1 ግራም» የሚባለው ደግሞ 875 እና 125 ነው። ልብ ብለን ካየነው አሞክሲሲሊኑ ከፍሬ ወደ ፍሬ ሲጨምር ክላቩላኒክ አሲዱ ሦስቱም ላይ ያው 125 ነው። በዚህ የተነሳ 625 ሲጠፋ «ሁለት ባለ 375 ልዋጥ» የሚለው ሐሳብ ስሌቱ አይሰምርም። ሁለቱ ሲደመሩ አሞክሲሲሊኑ በትክክል 500 ይሆናል፤ ክላቩላኒክ አሲዱ ግን እጥፍ ሆኖ 250 ይደርሳል። ከዚህ መድኃኒት ጋር የሚመጣውን ተቅማጥ በዋናነት የሚያባብሰውም ክላቩላኒክ አሲዱ ነው።

ይኸው የድምር ነገር ከአሜሪካ በሚላክ መድኃኒት ላይ ሌላ ውዥንብር ይፈጥራል። እዚያ ቁጥሩን ሳይደምሩ «875-125» ብለው ይጽፉታል። ቤተሰብ ይህንን ሲያይ እዚህ ከሚሸጠው «1 ግራም» ያነሰ ይመስለዋል፤ ሁለቱ ግን አንድ ናቸው። «500-125» የሚለውም የእኛው 625 ነው። ከአሜሪካ የመጣ ሁሉ «ኦሪጅናል» ነው የሚለው እምነትም ትክክል አይደለም። በአሜሪካ በማዘዣ ከሚሰጡት አሥር መድኃኒቶች ዘጠኝ ያህሉ ጄኔሪክ ናቸው። መድኃኒቱ የሚመጣበት ብርቱካናማ ዕቃ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍም ብዙውን ጊዜ የያዘው የጄኔሪኩን ስም ነው።

ንጥረ ነገሩና መጠኑ ከተመሳሰሉ በኋላ ወደ ዋጋው እንሂድ። አንድ አባት 625 በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን የሚል ማዘዣ ይዘው መጡ እንበል። ዋጋ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ቀጥለው ያሉት ብሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። የንግድ ስሙ 625 ባለ 14 ፍሬ ፓኬት 1,120 ብር ነው። ጄኔሪኩ 625 ባለ 10 ፍሬ ፓኬት 350 ብር ነው። አጠገባቸው የጄኔሪኩ 1 ግራም ባለ 14 ፍሬ በ700 ብር ተቀምጧል።

«ልጄ፣ የቱ ነው የሚረክሰው?» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ፓኬቱን ይተዉትና በፍሬ እንየው» እላቸዋለሁ።

1,120 ለ14 ሲካፈል ፍሬው 80 ብር ይመጣል። 350 ለ10 ሲካፈል 35 ብር፣ 700 ለ14 ሲካፈል 50 ብር ይሆናል። ሁለቱ 625ቶች ንጥረ ነገራቸውም መጠናቸውም ስለሚገጥም በፍሬ ዋጋ ቀጥታ ይወዳደራሉ፤ 80 እና 35። ሦስተኛው ግን መጠኑ ስለሚለይ በፍሬ ዋጋ ብቻ ሊወዳደር አይችልም፤ የሚወዳደረው ሕክምናው እስኪያልቅ በሚያስፈልገው ፍሬ ብዛት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን 21 ፍሬ ነው። በንግድ ስሙ 1,680 ብር፣ በጄኔሪኩ 735 ብር ያወጣል። 1 ግራሙ በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚታዘዝ 14 ፍሬ ይበቃል፤ ይህ ደግሞ 700 ብር ነው። ፍሬው ከጄኔሪኩ 625 በ15 ብር የሚበልጠው መድኃኒት ሕክምናው ሲያልቅ በ35 ብር ቀንሶ ተገኘ ማለት ነው። የፍሬ ዋጋ የስሌቱ መጀመሪያ ነው፤ ገንዘቡን የሚወስነው የሕክምናው ሙሉ ዋጋ ነው።

ይሁን እንጂ ከ625 ወደ 1 ግራም መዞር የእኔም የጋሼም ውሳኔ አይደለም። በ625 የሚገባው አሞክሲሲሊን በቀን 1,500 ሚሊግራም፣ ክላቩላኒክ አሲዱ 375 ነው። በ1 ግራሙ 1,750 እና 250 ይሆናል። የትኛው እንደሚስማማ የሚወስነው እንደ ሕመሙና እንደ ኩላሊታቸው ሁኔታ ሐኪሙ ነው። የእኔ ድርሻ ልዩነቱን አሳይቶ ሐኪሙን ማስደወል ነው። ከንግድ ስሙ 625 ወደ ጄኔሪኩ 625 መሄድ ግን መድኃኒቱንም መጠኑንም አይቀይርም።

«ታዲያ ለምን ረከሰ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተላል። የመጀመሪያው ኩባንያ መድኃኒቱን ለማግኘት፣ በበሽተኞች ላይ ለመሞከርና ለማስተዋወቅ ያወጣውን ወጪ ተከታዮቹ አያወጡም። ከእነሱ የሚጠበቀው መድኃኒታቸው በደም ውስጥ ልክ እንደ መጀመሪያው መገኘቱን ማስረዳት ነው። በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ሁለቱም ይሰጡና በየሰዓቱ በሚወሰደው ደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ይለካል፤ የሁለቱ ንጽጽር ከ80 እስከ 125 ከመቶ በሆነ ክልል ውስጥ መውደቅ አለበት። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው «ጄኔሪክ እስከ 20 ከመቶ ሊያንስ ይችላል» ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ግን እንደዚያ አይደለም። ክልሉ ውስጥ መግባት ያለበት አማካዩ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው የጥርጣሬ ስፋት ጭምር ስለሆነ፣ አማካዩ ወደ 100 ካልተጠጋ ማለፍ ይከብዳል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2007 የተመለከታቸው 2,070 ጥናቶች ሲገመገሙ በሰውነት ውስጥ በገባው ጠቅላላ መድኃኒት ላይ የታየው አማካይ ልዩነት 3.5 ከመቶ ገደማ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ተመዝግቦ ለገባ መድኃኒት ነው። በአገራችን ይህንን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በሻንጣ ገብቶ ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ፓኬት የታወቀ የንግድ ስም ቢይዝም እንኳ ውስጡ ያለውን ማንም አልመረመረም። እንዲህ ዓይነቱን ፓኬት ከተመዘገበ ጄኔሪክ ጋር በዋጋ ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ሌላው ጥራቱን የሚያበላሸው እርጥበት ነው። ክላቩላኒክ አሲድ ለእርጥበት እጅግ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ፍሬው በአሉሚኒየም ታሽጎ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አብሮት ይቀመጣል። 21 ፍሬ የታዘዘለት ሰው ባለ 10 ሁለት ፓኬት ወስዶ አንድ ፍሬ ይቀረዋል። ያቺ አንዷ ስትቆረጥ እሽጉ ሳይከፈት ዙሪያውን መቆረጥ አለበት። የምርት ቁጥሩና የመጠቀሚያ ጊዜው የተጻፈው በአንደኛው ጫፍ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመቆረጡ በፊት ሁለቱንም ይዩና ይመዝግቡ። ከእሽጉ ወጥቶ በወረቀት የተጠቀለለ ፍሬ አይቀበሉ። ነጭ መሆን የነበረበት ፍሬ ቢጫ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ካወጣ ወይም ሲነካ ከፈራረሰ እርጥበት ገብቶበታል። የየትኛውም አገር ምርት ቢሆን ለባለሙያው ይመለስ።

ፍሬ በፍሬ አወዳድሮ መለዋወጥ ጥንቃቄ የሚጠይቅባቸው ጥቂት መድኃኒቶችም አሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን፣ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን እና ለእንቅርት ዕጢ ችግር የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን በደም ውስጥ ያላቸው መጠን ትንሽ ሲለዋወጥ ውጤቱ ይለወጣል። በእነዚህ ላይ ዋናው ነገር የንግድ ስም መያዙ ሳይሆን በአንድ ምርት ላይ መጽናት ነው። ጄኔሪኩን የጀመረ በዚያው ይቀጥል፤ መቀየር ግድ ከሆነም ሐኪሙ እያወቀና ምርመራ እየተደረገ ይሁን።

እንግዲህ ለአንባቢ የምለው ይህ ነው። ሐኪምዎ መድኃኒቱን በጄኔሪክ ስሙ፣ መጠኑንም ሳይደመር እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፤ «አሞክሲሲሊን 500 ከክላቩላኒክ አሲድ 125 ጋር» ብሎ። ወረቀቱን ይዘው ከነማም ቀይ መስቀልም ሰፈርዎ ያለውም መድኃኒት ቤት ሲገቡ ዋጋውን በፍሬ ይጠይቁ፣ በታዘዘው ፍሬ ብዛት ያባዙት፣ ከዚያ ይወስኑ። ገንዘብ ካልበቃ ውድ የሆነውን ግማሹን ገዝተው ከመጀመር፣ ሙሉውን ሕክምና የሚሸፍነውን የተመዘገበ ጄኔሪክ ይግዙ። በ10 ፍሬ የተቋረጠ ውድ አንቲባዮቲክ 21 ፍሬው ተሟልቶ የተወሰደውን ርካሽ አይተካም።