ዝናቡ ለማን ይለቃል? የአኒሜሽን ድምፅ ዕቅድ በአንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ትዕይንት

ተዋናይ በካሜራ ፊት ቆሞ የሚሠራው ፊልም ብዙ ድምፅ ሳይጠራው ይመጣለታል። የክፍሉ አየር፣ የወንበሩ ሲጥሲጥታ፣ የጫማው ኮቴ፣ በውጭ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባሉ፤ የድምፅ ባለሙያውም ድካሙ በአብዛኛው ያልፈለገውን ማውጣት ነው። አኒሜሽን ግን ዲዳ ሆኖ ይወለዳል። ሥዕሉ ላይ ዶፍ ቢወርድም አንዲት ጠብታ እንኳ አትሰማም። የሚሰማው ሁሉ ሰው ወስኖ ያስገባው ስለሆነ፣ ጀማሪዎች የሚታየውን ሁሉ በድምፅ ለመሸፈን ይሮጣሉ። በር ካለ የበር ድምፅ፣ እግር ካለ ኮቴ፣ ባዶ ቦታ ከተገኘ ደግሞ ሙዚቃ። ውጤቱ ሁሉም የሚጮህበትና ምንም የማይሰማበት ሥራ ነው። በዚህ ዳሰሳ የምከራከርበት ነጥብ፣ የድምፅ ዕቅድ ከዝርዝርነት ይልቅ የተራ ድልድል መሆን አለበት የሚል ነው፤ ይህ ቅጽበት የየትኛው ድምፅ ነው፣ የትኛውስ ይልቀቅለት?

ለዚህ ከሃያኦ ሚያዛኪ የ1988 ፊልም «ጎረቤቴ ቶቶሮ» የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ትዕይንቱ የታወቀ ነው። ሁለት እህትማማቾች፣ ሳትሱኪና ሜይ፣ አባታቸውን በዝናብ ውስጥ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ይጠብቃሉ። አውቶቡሱ ይመጣል፤ አባት የለበትም። ይመሻል፣ ትንሿ እንቅልፍ ይጥላታል፣ ታላቋ ታዝላታለች። ከዚያ ከጃንጥላው ጠርዝ በታች ጥፍራም ትልልቅ እግሮች ይታያሉ። ቶቶሮ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ ቅጠል ብቻ ደፍቶ አጠገቧ ቆሟል። ልጅቷ የአባቷን ጃንጥላ ትሰጠዋለች፣ እሱም ከዛፍ የሚወርዱት ጠብታዎች ጃንጥላው ላይ ሲያርፉ በሚሰጡት ድምፅ ይደነቃል። ከዚህ በታች የምጽፈው ስቱዲዮው ያዘጋጀውን ሰነድ አይደለም፤ ትዕይንቱን ወደ ኋላ ፈትቼ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ሊሠራ የተነሣ ሰው ዕቅዱን እንዴት ይጽፈዋል የሚለውን ነው።

ዕቅዱን በሰንጠረዥ ብናስቀምጠው፣ መጀመሪያ የሚሞላው ዓምድ የአካባቢ ድምፅ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነውና። እዚህ አካባቢው ዝናብ ነው፣ ዝናብ ደግሞ ለድምፅ ባለሙያ ክፉ ጎረቤት ነው። ሽውታው ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድግግሞሽ ተዘርግቶ ይገኛል፣ በተለይ ላይኛውን ክፍል አጥብቆ ይይዛል። የንግግር «ሰ» እና «ፈ»፣ የጫማ ሽርታ፣ የልብስ ኮሽታ የሚኖሩት እዚያው ስለሆነ ዝናቡ ይውጣቸዋል። መፍትሔው ዝናቡን በአንድ ትራክ አለመጫን ነው። ከሥር ሩቅና ወጥ የሆነ ዝናብ ይቀመጣል፤ ከላዩ ቅጠልና ኩሬ የሚመታው ቅርብ ዝናብ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በተናጠል የሚቀመጡ ድምፆች፣ ለምሳሌ የጉርጥ ጩኸት ወይም አንዲት ጠብታ። ትዕይንቱ ሲከፈት ሦስቱም ይሰማሉ። ተመልካቹ «ዝናብ ነው» ብሎ ከተቀበለ በኋላ መካከለኛው ንብርብር በዝግታ ይወርዳል፤ ጆሮ የለመደውን ነገር ስለማይከታተል መውረዱን ማንም አያስተውልም።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። አጭር የዝናብ ቅጂ እየተደጋገመ ሲሄድ፣ በውስጡ ጎልታ የምትሰማ አንዲት ጠብታ ወይም ወፍ ካለች ተመልካቹ ሦስተኛው ዙር ላይ ይነቃባታል። ሁለት ቅጂዎችን እኩል ባልሆነ ርዝመት ማዞር ይህን ይፈታል። አንዱ 47 ሰከንድ፣ ሌላው 61 ሰከንድ ቢሆኑ፣ ሁለቱ በአንድነት ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ከ2,867 ሰከንድ በኋላ ነው፤ ማለትም ወደ 48 ደቂቃ ገደማ። ሌላው ስህተት የካሜራው አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር የአካባቢውን ድምፅ መቁረጥ ነው። ቦታው ካልተለወጠ ዝናቡ ሳይቋረጥ ያልፋል። በተለይ በጃፓን አኒሜሽን ሥዕሉ ቆሞ አፍ ወይም ዐይን ብቻ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ብዙ ነው፣ የቆመውን ሥዕል በሕይወት የሚያቆየውም ይህ ያልተቋረጠ ድምፅ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሠሪዎች የሚመለከት ነገር ጣል ላድርግ። ከኢንተርኔት የወረደ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ በሣርና በአስፋልት ላይ የዘነበ ነው። የሐምሌን ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሚያሳይ ሥራ ይህ አይሆንም፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ንግግርን ፈጽሞ ስለሚያስቆም የትዕይንቱ ጽሑፍ ራሱ መለወጥ ይኖርበታል። ድምፁን ቀድሞ ያላሰበ ጸሐፊ ገጸ ባሕርያቱን በማይደማመጡበት ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ያነጋግራቸዋል።

ኮቴ ቀጥሎ ይመጣል፣ እዚህም ቁጥር ያስፈልጋል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም አለው፤ የተለመደው የአኒሜሽን እርምጃ 12 ፍሬም ስለሚወስድ በሰከንድ ሁለት ኮቴ ይሆናል። ግዙፍ ፍጥረት ግን አንዱን እርምጃ በ24 ፍሬም ሊወስደው ይችላል። ኮቴው የሚቀመጠው እግሩ መሬት በነካበት የመጀመሪያው ፍሬም ላይ ነው። አንድ ሥዕል ሁለት ፍሬም በሚቆይበት አሠራር ሁለተኛው ፍሬም ላይ ማስቀመጥ ቀላል ስለሆነ ብዙዎች እዚያ ይሳሳታሉ። ስህተቱ ወደ የት እንደሚያመዝን ማወቅም ይጠቅማል። ለቴሌቪዥን ሥርጭት የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ሰው ልዩነቱን ማወቅ የሚጀምረው ድምፁ ወደ 45 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ወይም ወደ 125 ሚሊሰከንድ ሲዘገይ እንደሆነ ያስቀምጣል። በእኛ መለኪያ መቅደሙ አንድ ፍሬም፣ መዘግየቱ ሦስት ፍሬም ገደማ ነው። ነጎድጓድ ከመብረቅ በኋላ መምጣቱን የለመደ ጆሮ የዘገየውን ይታገሣል፣ የቀደመውን አይምርም።

ግን ኮቴን በትክክል ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፣ ማንን እንደምናሰማ መምረጥ ሌላ። ልጆቹ ፌርማታው ላይ ሲንቀሳቀሱ የሚያሰሙት ኮቴ ቀላልና ከፍ ያለ ድምፅ ስለሆነ ዝናቡ ቢውጠው ይሻላል፤ ጎልቶ ከወጣ ጆሮውን ቀድሞ ያሰለቸዋል። የቶቶሮ እርምጃ ግን ከዝናቡ ሽውታ በታች፣ ዝቅተኛው ድግግሞሽ ውስጥ ቦታ አለው። ስለዚህ መጠኑን ሳይጨምሩ ማሰማት ይቻላል። የሳትሱኪ ጃንጥላ እይታዋን ስለሸፈነው ተመልካቹም ልጅቷም የሚያውቁት ነገር እግርና ድምፅ ብቻ ነው። ኮቴ ገጸ ባሕርይን ሥዕሉ ሳያስተዋውቀው የሚያስተዋውቅበት ሰከንድ ይህ ነው፤ የዕቅዱም ሰንጠረዥ እዚህ ሌሎቹን ዓምዶች ባዶ ማድረግ አለበት።

ከኢፌክቶቹ አንዱን ብቻ አነሣለሁ፣ ጠብታውን። የትዕይንቱ ቀልድ ሙሉ በሙሉ በድምፅ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዝናቡ ሲዘንብ የቆየ ቢሆንም ቶቶሮ ዝናብን የሚሰማው ጃንጥላ ሲይዝ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቀልድ እንዲሠራ ጠብታው ከዝናቡ ዘር መሆን የለበትም። የጃንጥላው ሸራ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ነውና ከዛፍ የወደቀ ወፍራም ጠብታ ዝቅ ያለና ክብ ድምፅ ይሰጣል። በጠብታና በጠብታ መካከል ያለው ጊዜ እኩል ከሆነ ሰዓት ይመስላል፤ ቀልዱ የሚመጣው ተመልካቹ ቀጣዩን ጠብቆ ትንሽ ሲዘገይበት ነው። ቶቶሮ ዘሎ መሬቱን ሲመታና ዛፎቹ ያቆሩትን ውኃ በአንድ ጊዜ ሲያወርዱት የሚሰማው ኃይል ያን ያህል የሚሆነው፣ ከዚያ በፊት አንዲት ጠብታ ብቻዋን እንድትሰማ ስለተፈቀደላት ነው።

ሙዚቃው የመጨረሻው ዓምድ ነው። ይህን ስል ሙዚቃው መጨረሻ ይደረስ ማለቴ አይደለም። አቀናባሪው ጆ ሂሳኢሺ ለዚህ ፊልም ከሥዕሉ መጠናቀቅ በፊት ሐሳቦቹን የያዘ አልበም በ1987 አውጥቶ ነበር። መጨረሻ የሚወሰነው የት ይግባ የሚለው ነው። ልጆቹ ሲጠብቁ የተያዘው ጊዜ የዝናቡ ነው። ሙዚቃው ከቶቶሮ መምጣት ጋር ይገባል፣ የሚገባውም ስስ ሆኖ፣ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ነው። ቀድሞ ገብቶ ቢሆን «አሁን አስገራሚ ነገር ሊመጣ ነው» ብሎ ያስታውቅብን ነበር።

ይህ ምርጫ ሁሉንም አያስማማም። ሂሳኢሺ ራሱ የ1986ቱን «ላፑታ» ማጀቢያ ለአሜሪካ ገበያ እንደ አዲስ እንዲሠራ ተጠይቋል። ከሁለት ሰዓት ትንሽ በሚበልጠው ፊልም ውስጥ የነበረው ሙዚቃ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለነበር፣ በዲዝኒ በኩል የነበሩት ሰዎች ያን ያህል ጸጥታ የውጭውን ተመልካች ምቾት ይነሣዋል ብለው ሰግተው ነበር። በአዲሱ ቅጂ ሙዚቃው በእጅጉ ጨመረ። ሁለቱን አስተያይቶ ያየ ሰው የአዲሱን ኦርኬስትራ ውበት ሊክድ አይችልም። በእኔ ጆሮ ግን ነፋሱና የማሽኖቹ ድምፅ ብቻቸውን ይተርኩ የነበረው ቦታ ላይ ሙዚቃው ተደርቦ ያንኑ ይደግመዋል።

ለፍትሕ ሲባል ተቃራኒው ትምህርት ቤትም መነሣት አለበት። በ1929 ዲዝኒ «የአፅሞች ጭፈራ»ን ሲሠራ፣ ከካርል ስታሊንግ ሐሳብ ተነሥቶ፣ ሥዕሉ የተሣለው ሙዚቃውን ተከትሎ ነው። እዚያ ኮቴውና ሙዚቃው አንድ ናቸው፤ የምለው ድልድል አያስፈልገውም። ሒሳቡም ቀላል ነው። በደቂቃ 1,440 ፍሬም ስላለ በ120 ቴምፖ አንዱ ምት 12 ፍሬም ይሆናል፣ የተለመደው እርምጃ በየምቱ ላይ ይወድቃል። ጭፈራ ከተፈለገ ግሩም ነው። ካልተፈለገ ግን ያዘነች ልጅ በሰልፍ እንደምትሄድ ወታደር ትሆናለች፣ ብዙ ጊዜም ሠሪው አስቂኝነቱ ከየት እንደመጣ አያውቀውም። ቴምፖው ወደ 100 ቢወርድ ምቱ 14.4 ፍሬም ስለሚሆን ኮቴና ምት የሚገናኙት በየሦስት ሰከንዱ አንዴ ነው፤ ሁለቱም ነፃ ሆነው ይሰማሉ።

ዕቅዱ መሥራቱን ለማወቅ አኒማቲኩ ላይ ረቂቅ ድምፆችን አስቀምጦ ሙዚቃውን ማጥፋት ይበቃል። ትዕይንቱ ከወደቀ ሙዚቃው የሌላውን ዓምድ ጉድለት ሲሸፍን ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ፈተና ስልክ ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ዝቅተኛውን ድግግሞሽ ስለማያወጣ፣ በስቱዲዮ ደረት ያንቀጠቀጠው የቶቶሮ ኮቴ እዚያ ፈጽሞ ይጠፋል። የሚበጀው ኮቴው ላይ የኩሬ ውኃ ፍንጥቅታ መደረብ ነው፤ ግዝፈቱ ባይሰማም እርምጃው ይሰማል። ሦስተኛው ፈተና ሞኖ ነው። ሚያዛኪ በ2013 «ነፋሱ ይነሣል» የተባለውን ፊልሙን በሞኖ ነው ያወጣው፤ የአውሮፕላኑን ሞተርና የ1923ቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ በሰው ድምፅ አሠርቷል። በሞኖ ውስጥ ግራና ቀኝ ስለሌለ ድምፆች የሚለያዩት በአብዛኛው በጊዜና በድግግሞሽ ከፍታ ነው። ስለዚህ ስቴሪዮ ከመከፈቱ በፊት ሁሉንም በአንድ ድምፅ ማጉያ ሰምቶ፣ የተጣሉትን ወይ በፍሬም ማራራቅ ወይ አንዱን መሰረዝ ይገባል።