አንድ ቲዎረም በሁለት መንገድ፦ ጠንካራው ኢንዳክሽንና የታናሽ አባል መርህ

90 በብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሲጻፍ 2 × 3 × 3 × 5 ይሆናል። ቀጥሎት ያለው 91 ደግሞ 7 × 13 ነው። ሁለቱ ዝርዝሮች የሚጋሩት አንድም ቁጥር የለም፤ ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። n−1ንም nንም ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር ልዩነታቸውን፣ ማለትም 1ን፣ ማካፈል ይኖርበታል፤ ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ደግሞ ይህን አይችልም። ስለዚህ ተከታታይ የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ከብቸኛ አካፋዮቻቸው አንዱንም ቢሆን ፈጽሞ አይጋሩም።

ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ወይ ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው፣ አለዚያም የብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው የሚለውን ቲዎረም ለማረጋገጥ ተራው ኢንዳክሽን የማይመቸው በዚህ ምክንያት ነው። ተራው ኢንዳክሽን የሚሰጠን ስለ n−1 የምናውቀውን ብቻ ነው። ለድምር ቀመሮች ይህ ይበቃል፤ እስከ n−1 የተደመረው ላይ አንድ ቁጥር ጨምረን ወደ n እንሻገራለን። እዚህ ግን የ90 ዝርዝር ስለ 91 የሚነግረን 2፣ 3 እና 5 እንደማያካፍሉት ብቻ ነው። 91 የሚፈልጋቸው 7 እና 13 ያሉት ከ90 በጣም ወደ ኋላ ነው። ጠንካራው ኢንዳክሽን ወደዚያ መመለስን ይፈቅዳል፤ nን ስንመረምር ከ2 እስከ n−1 ያሉት ሁሉ ቲዎረሙን ያሟላሉ ብለን እንነሳለን።

ከዚህ በኋላ ያለው ማረጋገጫ አጭር ነው። n ብቸኛ ቁጥር ከሆነ የሚቀር ሥራ የለም። ካልሆነ n = a × b ተብሎ ይጻፋል፤ aም bም ከ1 ይበልጣሉ፣ ከn ደግሞ ያንሳሉ። ከn ስለሚያንሱ ታሳቢው ሁለቱንም ያቅፋቸዋል፤ እያንዳንዳቸው የብቸኛ ቁጥሮች ዝርዝር አላቸው። ሁለቱን ዝርዝሮች ስናጋጥማቸው የn ዝርዝር ይወጣል። በ924 እንየው። 924 = 28 × 33 ነው። 28ን ወደ 4 × 7፣ 4ን ወደ 2 × 2፣ 33ን ወደ 3 × 11 ስንከፍል 2 × 2 × 3 × 7 × 11 ላይ እንደርሳለን። ማረጋገጫውን ያነበበ ሰው ስሌቱንም አብሮ ተምሯል።

ብዙ ጸሐፊዎች 2ን ለብቻው መነሻ አድርገው ያስቀድሙታል። ጉዳት የለውም፤ አስፈላጊ ግን አይደለም። n = 2 ሲሆን ከበታቹ የሚታሰብ ቁጥር ባይኖርም 2 ብቸኛ ቁጥር በመሆኑ የመጀመሪያው ሁኔታ ይቀበለዋል። ጥንቃቄ የሚሻው aም bም ከ1 ይበልጣሉ የሚለው ሐረግ ነው። እሱ ከተረሳ 924 = 1 × 924 ብሎ መጻፍ ይፈቀዳል፤ ያኔ ስለ 924 የምናረጋግጠውን ነገር ከራሱ ከ924 ልንበደር ነው፣ ማረጋገጫውም በራሱ ላይ ይዞራል።

ሁለተኛው መንገድ የሚነሳው ከታናሽ አባል መርህ ነው፦ ባዶ ያልሆነ ማንኛውም የአዎንታዊ ሙሉ ቁጥሮች ስብስብ ከሁሉ የሚያንስ አባል አለው። ቲዎረሙ ሐሰት ነው እንበል። እንግዲያው የማያሟሉት ቁጥሮች፣ ማለትም የአፍራሾቹ፣ ስብስብ ባዶ አይደለም፤ ታናሹን m እንበለው። m ብቸኛ ቁጥር ሊሆን አይችልም፤ ቢሆን ቲዎረሙን ባሟላ ነበር። ስለዚህ m = a × b ነው፤ aም bም ከ1 ይበልጣሉ፣ ከm ያንሳሉ። m ከአፍራሾቹ ሁሉ ታናሽ ስለሆነ aና b አፍራሽ አይደሉም፤ ዝርዝር አላቸው። ዝርዝሮቻቸው ሲጋጠሙ mም ዝርዝር ይኖረዋል፤ ይህ ደግሞ ከመነሻችን ጋር ይጣረሳል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ልባቸው አንድ መሆኑን ያያል። ጠንካራው ኢንዳክሽን «ከn በታች ያሉት ሁሉ ካሟሉ nም ያሟላል» ይላል። ይህን ገልብጠን ብናነበው «የማያሟላ ካለ፣ ከእሱ የሚያንስ ሌላ የማያሟላ አለ» ይሆናል፤ ታናሽ አባል ያለው ስብስብ ይህን ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ አንዱ ከሌላው ይበረታል ማለት ስሕተት ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ቲዎረም የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሁለተኛው m የሚባል ቁጥር ፈጥሮ መልሶ ያጠፋዋል፤ አንባቢው ሲጨርስ 924ን የሚከፍልበት መንገድ ለማግኘት ጽሑፉን እንደገና መገልበጥ ይኖርበታል። በተማሪዎች ጽሑፍ ላይም የሚዘወተረው ጉድለት እዚሁ ነው፦ «m ታናሹ ነው» ተብሎ ይታወጅና ታናሽነቱ የትም ሥራ ላይ ሳይውል ተቃርኖ ተገኘ ይባላል። መፈተሻው ቀላል ነው። «ታናሽ» የሚለውን ቃል ሰርዞ ማንበብ። ክርክሩ ምንም ካልጎደለው ወይ ተቃርኖ አላስፈለገም፣ ወይ አንድ እርምጃ ተዘሏል።

ኤውክሊድ በ«ኤለመንትስ» 7ኛ መጽሐፍ 31ኛ ሐሳብ ላይ የሄደበት መንገድ ለሁለተኛው ይቀርባል። ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ ብቸኛ አካፋይ እንዳለው ሲያሳይ፣ አካፋዩ ራሱ ብቸኛ ካልሆነ የዚያን አካፋይ እየወሰደ ይወርዳል፤ መውረዱ ማለቂያ ሊያጣ አይችልም ብሎም ይደመድማል። ለምን እንደማይችል አያስረዳም። ዛሬ የታናሽ አባል መርህ የምንለው እዚያ ቦታ ላይ በዝምታ ተቀምጧል።

ሁለቱም ማረጋገጫዎች የሚሉት ዝርዝር አለ ብቻ ነው፤ አንድ ብቻ ነው አይሉም። 924ን በ21 × 44 ብንጀምርም እነዚያኑ ቁጥሮች እናገኛለን፤ ይህንን ግን ከላይ ያለው አንድም ዓረፍተ ነገር አላረጋገጠልንም። ለአራት ሲካፈሉ 1 የሚተርፋቸውን ቁጥሮች፣ 1፣ 5፣ 9፣ 13 እያልን፣ ለብቻቸው እንውሰድ። በዚህ ስብስብ ውስጥ 9 «ብቸኛ» ነው፤ 3 አባል ስላልሆነ የሚከፍለው የለም። 21ና 49ም እንደዚሁ ናቸው። የጠንካራው ኢንዳክሽን ማረጋገጫ ቃል በቃል እዚህም ይሠራል፤ አባላቱ ሁሉ ዝርዝር አላቸው። ነገር ግን 441 = 21 × 21 = 9 × 49 ነው። ሕልውናው አለ፣ አንድነቱ የለም።

ስለ አንድነቱ ሲሆን ምርጫዬ ይገለበጣል። «ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች የሉም» የሚለው አሉታዊ ስለሆነ የሚገነባ ነገር የለም፤ ታናሹን አፍራሽ ይዞ ማስጨነቅ ይሻላል። ኤርንስት ዜርሜሎ በ1934 ያሳተመው ማረጋገጫ ይህን ያደርጋል። m ሁለት ዝርዝር ያለው ታናሽ ቁጥር ይሁን፦ m = p × P = q × Q። እዚህ p እና q ከሁለቱ ዝርዝሮች የተወሰዱ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ p ከq ያንሳል እንበል። ዝርዝሮቹ የሚጋሩት ብቸኛ ቁጥር የለም፤ ቢኖር ለእሱ አካፍለን ከm የሚያንስ አፍራሽ ባገኘን ነበር። አሁን ከm ላይ p × Qን እንቀንስ። የሚቀረው (q − p) × Q ነው፤ p × (P − Q)ም ነው። ይህ ቁጥር ከm ስለሚያንስ ዝርዝሩ አንድ ብቻ ነው፤ በዚያም ውስጥ p አለ። p ከQ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ q − pን ማካፈል አለበት፤ እንግዲህ qንም ያካፍላል። q ግን ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከp ጋርም አንድ አይደለም።

መቀነሱን ልብ በሉ። በሕልውናው ማረጋገጫ ውስጥ ማባዛትና ቅደም ተከተል ብቻ ይበቁ ነበር። በ1፣ 5፣ 9፣ 13 ስብስብ ግን አንዱን አባል ከሌላው ስንቀንስ የሚቀረው ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ከስብስቡ ይወጣል፤ የዜርሜሎ እርምጃም 441 ላይ የሚቆመው እዚህ ነው።