ብልጭ ድርግም የሚል ፊት

በ2020 የወጣው የዴቪድ ፍራንስ ዘጋቢ ፊልም «ዌልካም ቱ ቼችኒያ» ከጥቃት የሸሹ ሰዎችን ፊት በበጎ ፈቃደኞች ፊት ተክቶ ምስክርነታቸውን አሰምቶናል። ፊታቸው በጭጋግ ቢሸፈን ኖሮ እንባውም ፈገግታውም አብሮ ይጠፋ ነበር። እኔም ፊት የምለውጠው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው፤ ተናጋሪውም ፊቱን የሚያውሰውም ፈቅደው፣ ተመልካቹም ተነግሮት። በዚህ ሥራ አስቸጋሪው ነገር ፊቱን መተካቱ ሳይሆን ከፍሬም ፍሬም ብልጭ ድርግም እንዳይል ማድረጉ ነው። አንዱ ፍሬም ቆሞ ሲታይ እንከን አይወጣለትም። በሴኮንድ 25 ፍሬም ሲሮጥ ግን ፊቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጠርዙ ይርገበገባል፣ ተመልካቹም ምስክሩን መስማት ትቶ ጉንጩን ያያል።

ፊት ፈላጊው ፕሮግራም እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ነው የሚያየው፤ ያለፈውን አያስታውስም። በተለመደው አሠራር በቅንድብ፣ በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በከንፈርና በአገጭ ዙሪያ 68 ነጥቦችን ያስቀምጣል። ሰውየው ሳይነቃነቅ እንኳ ነጥቦቹ አንድ ሁለት ፒክስል ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የፊቱ ቦታ፣ ዘንበል ማለቱና መጠኑ የሚሰላው ከነዚህ ነጥቦች ነው። ፊቱ 300 ፒክስል ስፋት ካለው፣ መጠኑ በ1 በመቶ ሲሳሳት ፊቱ በ3 ፒክስል ይሰፋል ወይም ይጠባል።

አንድ የ10 ሴኮንድ ቀረጻ እንውሰድ። አንዲት እናት ተቀምጠው ይናገራሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ወደ መስኮቱ ዞር ይላሉ፣ በመጨረሻም በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ያብሳሉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው አዲሱን ቦታ በ0.3፣ የቀድሞውን በ0.7 መዝኖ መደመር ነው። ዝም ብለው ሲቀመጡ ፊቱ ይረጋል። ወደ መስኮቱ ሲዞሩ ግን የተተካው ፊት ከሁለት ፍሬም በላይ ወደ ኋላ ይቀርና ከራስ ቅሉ ላይ ይንሸራተታል። ቀረጻው በእጃችን እስካለ ድረስ ያለፈውን ብቻ የምናይበት ምክንያት የለም፤ ከፊትም ከኋላም እኩል ፍሬሞችን የሚያይ ማለስለሻ ወደ ኋላ አይቀርም።

```
from scipy.signal import savgol_filter
pose = savgol_filter(pose, 9, 2, axis=0)
```

እዚህ ላይ የማለሰልሰው ቦታውን፣ ዘንበል ማለቱንና መጠኑን ብቻ ነው። ዓይን መጨፈን ከሦስት እስከ ስምንት ፍሬም የሚወስድ ነገር ስለሆነ፣ የ9 ፍሬም መስኮት በሽፋሽፍቱ ነጥቦች ላይ ከዋለ አጭሩን ጭፍን ግማሽ ሊያደርገው ይችላል፤ የከንፈሩም እንቅስቃሴ ከድምፁ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ሽፋሽፍቱንና ከንፈሩን እንዳሉ እተዋቸዋለሁ። ቦታውን ሳሰላም በዓይን ማዕዘኖችና በአፍንጫ ድልድይ ላይ እመካለሁ። የአገጭ ነጥቦች የሚይዙት ጥግ ስለሌላቸው በጠርዙ ላይ እንደ ልባቸው ይንሸራተታሉ።

ከዚያ ማስኩ ይመጣል፤ የትኛው ፒክስል ከአዲሱ ፊት፣ የትኛው ከዋናው እንደሚወሰድ ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር የሚወስነው እሱ ነው። ማስኩን በሙሉ ምስሉ ላይ በጊዜ ካማከሉት፣ ራሳቸውን ሲያዞሩ ጥላ ይጎትታል። መጀመሪያ ፊቱ ወደተስተካከለበት ክፈፍ መወሰድ አለበት፤ እዚያ ላይ አፍንጫ ሁልጊዜ በአፍንጫ ቦታ ነው። ነጠላው ሲገባ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። አማካዩ ጨርቁን ገና ሳይደርስ ከፊል ያሳየዋል፣ ከሄደም በኋላ መንፈስ ያስመስለዋል። የኔ ዘዴ፦ በቅድሚያ የሦስት ፍሬም ሚዲያን አንድ ፍሬም ብቻ የዘለለውን ስህተት ያወጣል። ከዚያ ለውጡ ትንሽ በሆነበት ፒክስል ላይ አለሰልሳለሁ፤ ከ0.4 በላይ በዘለለበት ግን የዚያኑ ፍሬም ዋጋ እወስዳለሁ። የጠርዝ መርገብገብ ትንሽ ለውጥ ነው፤ ነጠላ ትልቅ ለውጥ ነው።

የቀለም ችግር የሚመስለውም ብዙ ጊዜ ከዚሁ የሚመነጭ ነው። የቆዳው ቀለም የሚመሳሰለው በማስኩ ውስጥ ባሉት ፒክስሎች አማካይ ስለሆነ፣ የነጩ ነጠላ ጫፍ ማስኩ ውስጥ ከቀረ መላው ፊት ድንገት ይነጣል። ማስኩ ሳይረጋ የቀለም ቁልፎችን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

ለማረጋገጥ ከእያንዳንዱ ፍሬም በጉንጩ ጠርዝ የሚያልፈውን አንድ አግድም የፒክስል መስመር ቆርጬ አንዱን ከሌላው በታች እደረድራለሁ። ረጋ ያለ ጠርዝ ለስላሳ መስመር ይሠራል፤ የሚንቀጠቀጠው የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። መዞሪያው ላይ ደግሞ ከዋናው ቀረጻ የተሠራውን አጠገቡ አድርጌ የሁለቱ ኩርባ መገጣጠሙን አያለሁ። ቀረጻው ወደ ሌላ ካሜራ ከተቆረጠ ማለስለሻው ከቁርጡ ላይ እንደ አዲስ መጀመር አለበት።

መርጋትና ፈጥኖ መከተል አልታረቅ ካሉኝ፣ ትንሹን መንቀጥቀጥ እተዋለሁ። በጥቂቱ የሚንቀጠቀጥ ፊት ይታለፋል፤ ከራስ ቅሉ ላይ የሚንሸራተት ፊት ግን ምስክርነቱን ያበላሻል።