ባለሙያ ያጸደቀው ጥያቄ ለምን ይወድቃል? የአዲስ መጠይቅ ገጽታዊ፣ ይዘታዊና ፅንሰ ሐሳባዊ ተገቢነት

በማኅበራዊና በጤና ጥናቶች የአጠናን ዘዴ ምዕራፍ ውስጥ፣ አዲስ የተዘጋጀው መጠይቅ ለባለሙያዎች ታይቶ ተገቢነቱ እንደተረጋገጠና የክሮንባክ አልፋውም ከ0.8 በላይ እንደሆነ የሚገልጽ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ማግኘት የተለመደ ነው። ተገቢነት ማለት መጠይቁ ይለካዋል የተባለውን ነገር በእርግጥ መለካቱ ሲሆን፣ አስተማማኝነት ደግሞ የሚሰጠው ውጤት ወጥነት ያለው መሆኑ ነው፤ አልፋ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው፣ ያውም ስለ ከፊሉ ብቻ ነው። የባለሙያዎቹ ፍርድም ቢሆን ከተገቢነት ማስረጃዎች አንዱን ክፍል እንጂ ሁሉንም አይሸፍንም። ያ ዓረፍተ ነገር ሳይነካው የሚያልፈው ጉዳይ፣ ከመጠይቁ የሚገኘው ነጥብ ፅንሰ ሐሳቡ በሚተነብየው መንገድ ከፍ ዝቅ ይላል ወይ የሚለው ነው፤ ክርክሩ የሚቋጨው ግን እዚያ ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመከታተል፣ ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች የቤተሰብን የውሃ ችግር ለመለካት የተዘጋጀ አንድ መጠይቅ ይታሰብ። መጠይቁና ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ውጤቶቹ ለማሳያ ያህል የተፈጠሩ ሲሆኑ፣ የአሠራሩ ደንቦችና ስሌቶቹ ግን በሙያው ውስጥ የሚሠራባቸው ናቸው። የሚለካው ነገር «የውሃ ዋስትና ማጣት» ተብሎ ተሰይሟል፤ ትርጉሙም አንድ ቤተሰብ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና የሚበቃውን ያህል ንጹሕ ውሃ በሚያስፈልገው ጊዜ አለማግኘቱና በዚህም ሳቢያ የሚደርስበት ጭንቀት ነው። ሃያ ጥያቄዎች ተረቅቀዋል፤ እያንዳንዳቸውም ባለፉት አራት ሳምንታት የሆነውን ይጠይቃሉ፤ መልሱም «በፍጹም» ከሚለው ጀምሮ «ሁልጊዜ» እስከሚለው በአራት ደረጃ ይሰጣል። ሁሉንም ጥያቄዎች አንድ በአንድ መከተል አሰልቺ ስለሚሆን፣ እዚህ የሚታየው የሦስቱ ጉዞ ነው፦ አንደኛው ውሃ በመቋረጡ ልብስ ሳይታጠብ የቀረበትን፣ ሁለተኛው ውሃ ለመግዛት ገንዘብ ያጠረበትን፣ ሦስተኛው ውሃ በሌሊት ስለሚመጣ እንቅልፍ የታጣበትን ጊዜ የሚጠይቁ ናቸው።

ገጽታዊ ተገቢነት የሚባለው መጠይቁ ለሚሞላው ሰው ሲታይ ስለ ተባለው ጉዳይ የሚጠይቅ መስሎ መታየቱ ነው። ብዙ የሥነ ልክ ሊቃውንት ይህን ከማስረጃ አይቆጥሩትም፤ መምሰል መሆንን አያስከትልምና ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ ደረጃው የሚናቅበት ምክንያት ብዙ ጊዜ በአግባቡ ስለማይሠራ ነው፤ ለጥቂት የሥራ ባልደረቦች ወረቀቱን አሳይቶ «ግልጽ ነው» የሚል መልስ መቀበል ስለ መላሹ ምንም አይናገርም። ጠቃሚው መንገድ ከመጠይቁ ባለቤቶች፣ ማለትም ውሃ ከሚቀዱት ሰዎች፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት የሚሆኑትን አንድ በአንድ አስቀምጦ፣ ጥያቄውን አንብቦላቸው፣ ምን እንደተረዱና መልሱን በምን አስታውሰው እንደመረጡ ማስተረክ ነው። በምሳሌው መጠይቅ የልብስ አጠባው ጥያቄ ስንኩልነት የተገለጠው በዚህ ደረጃ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ውሃ የሚያገኙ እናት ጥያቄውን ሰምተው «በፍጹም» ብለው መለሱ፤ ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ግን ውሃው እንዳልተቋረጠ፣ ፈረቃቸው ገና እንዳልደረሰ አስረዱ። ለእርሳቸው መቋረጥ ማለት በተራቸው ቀን ሳይመጣ የቀረ ውሃ ነው። እጅግ የተቸገረው ቤተሰብ ዝቅተኛውን ነጥብ የሚያገኝበትን ጥያቄ ስሕተት በስሌት ማስተካከል አዳጋች ነውና፣ «ውሃ በመቋረጡ» የሚለው ወጥቶ «ቤት ውስጥ ውሃ ስላልነበረ» በሚል ተተካ። ይህን ዓይነት ግድፈት የትኛውም ባለሙያ በጠረጴዛው ላይ ሆኖ አያገኘውም።

የይዘት ተገቢነት ጥያቄው ሌላ ነው፤ ጥያቄዎቹ ተሰብስበው ፅንሰ ሐሳቡን በትርጉሙ ልክ ይሸፍናሉ ወይ ይላል። ለዚህ ስምንት ባለሙያዎች፣ ለምሳሌ የውሃ አቅርቦት መሐንዲሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና የመጠይቅ አዘገጃጀት የሚያውቁ ሰዎች፣ የተጻፈው ትርጉም ተሰጥቷቸው እያንዳንዱ ጥያቄ ከትርጉሙ ጋር ያለውን አግባብነት ከ1 እስከ 4 እንዲመዝኑ ይደረጋል። 3 ወይም 4 የሰጡት ሰዎች ቁጥር ለጠቅላላው ሲካፈል የጥያቄው የይዘት ተገቢነት መጠን ይገኛል፤ መዛኞቹ ስድስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ 0.78 ብዙ ጊዜ እንደ ዝቅተኛ ወሰን ይያዛል። የገንዘብ እጥረቱን ጥያቄ ስምንቱም ስለተቀበሉት 1.00 አገኘ። የእንቅልፉን ጥያቄ የተቀበሉት አምስት ብቻ በመሆናቸው 0.63 ሆነ፤ በደንቡ መሠረትም መውጣት ነበረበት።

እዚህ ላይ ቁጥሩ ምን እንደሚናገር መለየት ያሻል። 0.63 ማለት ባለሙያዎቹ አልተስማሙም ማለት እንጂ ጥያቄው ከጉዳዩ ውጭ ነው ማለት አይደለም። ግቢው ውስጥ ሮቶ ያለው ሰው ውሃ በእኩለ ሌሊት ሲመጣ ሮቶው ራሱ ይሞላለታል፤ ጄሪካን ደርድሮ ቧንቧው እስኪያንጠባጥብ የሚጠብቀው ሰው ግን እንቅልፉን ይከፍላል፤ በቃለ መጠይቁም መላሾቹ ደጋግመው ያነሡት ይህንኑ ነበር። ስለዚህ አዘጋጆቹ ጥያቄውን ከነክርክሩ መዝግበው ለቀጣዩ ፈተና አቆዩት። ምጣኔው ሌላም ዕውር ጎን አለው፤ የሚመዝነው የቀረበለትን ጥያቄ ብቻ በመሆኑ፣ ያልተጻፈውን ጥያቄ ሊያየው አይችልም። ትርጉሙ «ንጹሕ ውሃ» ይላል፤ ከሃያዎቹ ጥያቄዎች ግን ስለ ውሃው መደፍረስ ወይም ሽታ የሚጠይቅ አንድም አልነበረም። ሁሉም ጥያቄዎች 1.00 ቢያገኙ እንኳ ይህ ጉድለት እንዳለ ይቀመጥ ነበር፤ የተገኘውም ለባለሙያዎቹ ከቁጥሩ በተጨማሪ «ምን ቀረ?» የሚል ባዶ ቦታ ስለተተወላቸው ነው።

ፅንሰ ሐሳባዊ ተገቢነት ከሁለቱ የሚለየው ከፍርድ ወደ ፈተና በመሻገሩ ነው። ሊ ክሮንባክና ፖል ሚል እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ በዓይን የማይታይ ፅንሰ ሐሳብ ትርጉም የሚያገኘው ከሌሎች ነገሮች ጋር ባለው የግንኙነት መረብ ነው፤ መለኪያውም የሚፈተነው መረቡ ይሆናል ያለው በመሆኑ ወይም ባለመሆኑ ነው። ዶናልድ ካምፕቤልና ዶናልድ ፊስክ በ1959 ሁለት ነገር ጨመሩበት፤ መለኪያው ሊዛመዳቸው ከሚገቡ ነገሮች ጋር ከመዛመዱ ባሻገር ሊለይ ከሚገባው መለየቱ መታየት አለበት፤ ደግሞም ሁለት ነገሮች በአንድ ዘዴ ስለተለኩ ብቻ ሊዛመዱ ይችላሉና ዘዴው መለዋወጥ አለበት። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ግዴታ ትንቢቱን መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት መጻፍ ነው፤ ውጤቱን አይቶ የሚጻፍ ትንቢት ሊወድቅ አይችልምና።

በምሳሌው አዘጋጆቹ ሦስት ትንቢት ጻፉ። የመጀመሪያው፣ በሳምንት አንድ ቀን ውሃ የሚያገኙ ቤተሰቦች በየቀኑ ከሚያገኙት የበለጠ ነጥብ ይኖራቸዋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መረጃ ሰብሳቢው በቤቱ ያለውን የተጠራቀመ ውሃ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን በዓይኑ ቆጥሮ በነፍስ ወከፍ ሲያካፍለው፣ ነጥቡ ከዚህ መጠን ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ ይዛመዳል የሚል ነው፤ ይህ በቃል መልስ ያልተገኘ ልኬት ስለሆነ የካምፕቤልና የፊስክን ሁለተኛ ማሳሰቢያ ይመልሳል። ሦስተኛው፣ ነጥቡ ከቤተሰቡ የሀብት ደረጃ ጋር ቢዛመድም ዝምድናው ከውሃው መጠን ጋር ካለው ያነሰ ይሆናል የሚል ነው፤ ድህነትና የውሃ ችግር ይጎራበታሉ እንጂ አንድ አይደሉም፣ ባለ ፎቅ ቤትም በፈረቃ ይጠማል።

ከ300 ቤተሰቦች በተሰበሰበው መረጃ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትንቢቶች ያዙ፤ ነጥቡ ከተጠራቀመው ውሃ ጋር ያለው ተዛምዶ −0.41 ሆነ። ሦስተኛው ግን አልያዘም፤ ከሀብት ደረጃ ጋር ያለው ተዛምዶ −0.44 ወጣ። ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ለማወቅ እያንዳንዱ ጥያቄ ከቀሪዎቹ ድምር ጋር ያለው ተዛምዶ ሲታይ፣ በባለሙያዎች ዘንድ 1.00 ያገኘው የገንዘብ እጥረቱ ጥያቄ ከወንድሞቹ ጋር በ0.22 ብቻ ሲዛመድ ከሀብት ደረጃ ጋር ግን በ−0.51 ይዛመድ ነበር። ጥያቄው ስለ ውሃ እየተናገረ የሚለካው ኪስን ነው፤ ከቦቴ ውሃ የሚገዛ ባለጸጋ ጥማቱን እንደ ገንዘብ እጥረት አያየውምና። በአንጻሩ ሊጣል ተቃርቦ የነበረው የእንቅልፍ ጥያቄ ከቀሪዎቹ ጋር በ0.55 ተዛመደ፤ የመጀመሪያውንም ትንቢት ከማንኛውም ጥያቄ በተሻለ ያስረዳው እሱ ነበር። የገንዘብ ጥያቄውና ተመሳሳይ ጠባይ ያሳየ አንድ ሌላ ጥያቄ ሲወጡ ከሀብት ጋር ያለው ተዛምዶ ወደ −0.29 ወረደ። ይህን በዚያው መረጃ ላይ ተደርጎ የተገኘ መሻሻል እንደ ማረጋገጫ መቁጠር ግን ስሕተት ነው፤ ጥያቄ የተመረጠበት ናሙና ለምርጫው ምስክር ሊሆን ስለማይችል፣ የታረመው መጠይቅ በሌሎች ቤተሰቦች ላይ እንደገና መፈተን አለበት።

ከዚህ ሁሉ ጎን አልፋ ምን አደረገ ቢባል፣ ከጥያቄዎቹ መውጣት በፊትም በኋላም ከ0.8 በላይ ነበር። ምክንያቱ በራሱ በስሌቱ ውስጥ ይገኛል፤ አልፋ በጥያቄዎች ብዛት ይጨምራል። አሥራ አምስት ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው በአማካይ በ0.25 ብቻ ቢዛመዱ፣ ይህም ደካማ ዝምድና ነው፣ 15 በ0.25 ሲባዛ 3.75 ይሆናል፤ ይህ ለ4.5፣ ማለትም 1 ሲደመር የ14 እና የ0.25 ብዜት ለሚሰጠው ቁጥር፣ ሲካፈል 0.83 ይወጣል። አንዱን ሐሳብ በአምስት አባባል ደጋግሞ የሚጠይቅ መጠይቅም ከፍ ያለ አልፋ ያገኛል፤ የይዘት ሽፋኑ ግን በዚያው ልክ ይጠባል። ስለዚህ ከፍተኛ አልፋ አንዳንድ ጊዜ ሊያስመሰግን ቀርቶ ሊያስጠረጥር ይገባል።

በዚህ መንገድ ያለፈው መጠይቅ «ተገቢ መጠይቅ» የሚል ማዕረግ ይዞ አይዞርም፤ የተደገፈው በፈረቃ ውሃ በሚደርሳቸው የከተማ ቤተሰቦች ዘንድ ነጥቡ የውሃ ዋስትና ማጣትን ያሳያል የሚለው ትርጓሜ ብቻ ነው። መጠይቁ ውሃ ከኤላ ተቀድቶ ለከብት ጭምር በተራ ወደሚከፈልበት ወደ ቦረና ቢወሰድ፣ የእንቅልፉ ጥያቄ ትርጉም ያጣል፤ የከብት ጥማት፣ የመንገድ ርቀትና የቀጂዎች ድካም ደግሞ በመጠይቁ ውስጥ ጭራሽ የሉም። በዚያ የሚያስፈልገው ተዛምዶዎቹን እንደገና ማስላት ሳይሆን ትርጉሙን ከመጻፍና የሚቀዱትን ሰዎች ከማነጋገር እንደገና መጀመር ነው።