«ይህን ሥሩልኝ»

«አሳይመንት እንሠራለን» የሚል ወረቀት ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ተለጥፎ ማየት ከለመድን ቆየን። ዛሬ ማስታወቂያው ቴሌግራም ውስጥም ገብቷል። ዘመድ ጓደኛውም ያንኑ ሥራ በነፃ ይሠራል፤ «ምን አለበት፣ ልጁን መርዳት ነው» ይላል። እኔ ግን ልዩነት አለው እላለሁ።

አንድ የቦንጋ ተማሪ የጥያቄ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከሥሩ «ይህን ሥሩልኝ» ብቻ ይላል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ከከፋ ጫካ ከተወሰዱ 5 ቀፎዎች 4፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ኪሎ ማር ተቆረጠ፤ አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ፈልጉ።

መልሱን መላክ የሦስት ደቂቃ ሥራ ነበር። እኔ ግን «የት ላይ ቆምክ?» አልኩት። ለካስ ልጁ ጀምሮታል። አማካዩን 8 ብሎ አግኝቷል፤ ከየቀፎው ላይ 8 ሲቀንስ ግን ውጤቱ ተደምሮ ዜሮ ሆነበት። ተሳሳትኩ ብሎ ተወው። አልተሳሳተም! ከአማካዩ የተረፈውና የጎደለው ሁልጊዜ ይጣፋል። ልዩነቶቹን በራሳቸው የምናባዛው ለዚህ ነው። ይህን ብቻ ነገርኩት።

ቀሪውን እሱ ሠራው። 16፣ 4፣ 0፣ 4 እና 16፤ ድምሩ 40። ለ5 አካፍሎ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጥቶ 2.83 አለኝ። «ጫካው ውስጥ ያሉት ቀፎዎች እነዚህ 5ቱ ብቻ ናቸው?» ስለው ናሙና መሆናቸው ገባው። ለ4 አካፈለና ስኩዌር ሩቱን አውጥቶ 3.16 ኪሎ ላይ ደረሰ።

መረዳቱን በምን አወቅኩ? «12ቱ 22 ቢሆንስ?» አልኩት። አማካዩ ወደ 10፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ወደ 7.07 ወጣ። አንድ ቀፎ ብቻውን ሁሉንም ጎተተው። ገልብጦ ያስረከበ ተማሪ እዚህ ጥያቄ ላይ ዝም ይላል።

ነገሩ የማርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ይኸው ልጅ ነገ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ገበሬውን «ቀፎህ 8 ኪሎ ይሰጥሃል» ቢለው፣ አንድ ቀፎ ብቻ ያለው ሰው 4 ኪሎ ሲቆርጥ ማንን ይጠይቃል? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የመውጫ ፈተና አለበት። እዚያ አሳይመንት ሠሪው አብሮ አይገባም።

መምህሩም ከደሙ ንጹህ አይደለም። ያንኑ ወረቀት በየዓመቱ እያባዛ፣ ጥራዙን መዝኖ ማርክ የሚሰጥ ከሆነ ገበያውን የከፈተው እሱ ነው። ተማሪው ቁጥሩን ራሱ ከቦንጋ ገበያ ሰብስቦ ይምጣ፤ ሲያስረክብም አንድ ቁጥር ተቀይሮ በቃል ይጠየቅ። አምስት ደቂቃ ይበቃል።