የሰሌዳ ጸሐፊው ቁጥሮች

ዳንግላም እንጅባራም መንገድ ላይ ያነሳኋቸውን የሱቅ ሰሌዳዎች ፎቶ ማታ ስከፍት፣ ሳላውቀው የማመሰግነው ሰው አለ፤ ሰሌዳውን በብሩሽ የጻፈው ባለሙያ። የሱቁን ስም አሳምሮ፣ ጥላ ጥሎበት፣ ጫፉን ጠምዝዞ ይጽፈዋል። ስልክ ቁጥሩን ግን ያለ ምንም ጌጥ፣ ቀጥ አድርጎ ያሰፍረዋል። ስም ቢደበዝዝ ከቃሉ ይገመታል፤ ከቁጥር አንዱ በስህተት ከተነበበ ግን የሚደወለው ለሌላ ሰው ነው።

ጌጡም ቢሆን ልክ አለው። በፊደላችን «በ»ን «ቡ» የሚያደርጋት በቀኝ ጎኗ የምትወጣ አንዲት አጭር ጭረት ናት። ጥላው እዚያ ላይ ከወፈረ «በርና መስኮት» የሚለው የብረት ቤት ሰሌዳ በፎቶ «ቡርና መስኮት» ሆኖ ይነበባል። ጥሩ ጸሐፊ ስለዚህ ጥላውን ከእግሮቹ ሥር ይጥላል፣ ጎኑን ባዶ ይተወዋል። ይህን ጥንቃቄ ሳይ ልቤ ይሞላል።

ቁጥሩን ሳነብ መጀመሪያ አሃዞቹን እቆጥራለሁ፤ አሥር መሆን አለባቸው። በ09 ወይም በ07 ከጀመረ ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። 058 ካለ የመደበኛ ስልክ ነው፤ ተከትሎ 221 ሲመጣ ዳንግላ፣ 227 ሲመጣ እንጅባራ መሆኑን ይነግረኛል። ዘጠኝ ብቻ ከቆጠርኩ፣ አንዱን የፀሐይ ነጸብራቅ በልቶታል ማለት ነውና ከጎን ሆኜ ደግሜ ማንሳት ይኖርብኛል። ቀለሙ የተላጠበት 8 ደግሞ 3 ይመስላል፤ በግራ በኩል የቀረ የቀለም ፍንጣሪ ካለ 8 ነው።